ደዋዩ ዝም ሲል ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ «ለባንክ ደንበኞች በጽሑፍ የሚመልሰውን ረዳት በስልክ እንዲናገር አደረግነው። ደዋዩ ዝም ካለ ግን ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ስልኩን ይዘጋል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ መጀመሪያ ዝምታው የት እንደሚበዛ መዝገቡን ተመልከት። በሁሉም ጥያቄ ላይ ከተበተነ የመስመሩን ድምፅ መርምር። በአንዱ ላይ ከተከማቸ ግን ጥፋቱ የጥያቄው ነው። «የሒሳብ ቁጥርዎን ይናገሩ» ሲባል ዝም የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ደብተሩን እየፈለገ ነው። ለእርሱ የመጠበቂያውን ጊዜ አርዝምለት፤ የስልክ ንግግር በሚጻፍበት በVoiceXML ቋንቋ ከሆነ የምትሠራው፣ በዚያ ጥያቄ ውስጥ ብቻ፦

```
<property name="timeout" value="10s"/>
```

ለ«አዎ ወይስ አይደለም» ግን ይህ ይበዛል፤ ደዋዩ መስመሩ የተቋረጠ ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላም ዝም ካለ ያንኑ ዓረፍተ ነገር አትድገም። ዝምታን በሚይዘው በመጀመሪያው `noinput` ላይ «ቁጥሩ በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይገኛል፤ እጠብቃለሁ» በለው። በሁለተኛው በስልኩ ቁልፎች እንዲያስገባ ጋብዘው፤ ምናልባት ሰው መሀል ሆኖ ቁጥሩን ጮክ ብሎ መናገር አልፈለገም። በሦስተኛው ወደ ሠራተኛ አስተላልፈው። `nomatch` ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ደዋዩ ተናግሯል፣ ያልተረዳው ማሽኑ ነው።

የጽሑፉን መልስ እንዳለ ማስነበብም ራሱ ዝምታ ይወልዳል። በስክሪን ላይ ስድስት አማራጭ ቢደረደር ዓይን ተመልሶ ያያል፤ ጆሮ ግን ስድስተኛው ሲነገር የመጀመሪያውን ረስቷል። ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ይበቃል። ጥያቄውንም መጨረሻ ላይ አድርገው፦ «ቀሪ ሒሳብ ማወቅ ወይም ገንዘብ ማስተላለፍ ይችላሉ። የትኛውን ይፈልጋሉ?» ሰው ጥያቄ እንደሰማ አፉን ይከፍታል፤ ከጥያቄው በኋላ ማብራሪያ ካስከተልህ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ትናገራላችሁ፣ ከዚያም ሁለታችሁም ዝም ትላላችሁ።