ስራ ስትለቅ ሊንክድኢን ላይ ምን ብለህ ትሰናበታለህ፣ መቼስ ትለጥፋለህ

«ሰላም ለሁላችሁ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሰራው፣ አሁን አዲስ አበባ ስራ አግኝቼ ልለቅ ነው። ሊንክድኢን ላይ ቡድኔን አመስግኜ ልሰናበት ፈልጌ ነበር ግን ጉራ እንዳይመስልብኝ ፈራሁ። እንዴት ብዬ ልጻፈው?»

አብሽር ወንድሜ፣ እኔም እዛው ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ሜንቴናንስ ነበርኩ፣ አምና ነው የለቀቅኩት።

1. ክሊራንስህ አልቆ የስራ ልምድ ወረቀትህ እጅህ ሳይገባ አንዲት ቃል እንዳትለጥፍ። አብሮኝ ፈረቃ የሚገባ ልጅ መልቀቂያውን ባስገባ በሳምንቱ ደስታው አላስችል ብሎት አዲሱን ድርጅት ታግ አድርጎ ለጠፈ፣ የሰው ሀይል ሀላፊው ደግሞ ደብዳቤው ገና ጠረጴዛው አልደረሰም ነበር፣ ከስልኩ ላይ ነው ያየው። ከዛ በኋላማ ስቶር ፈረመለት፣ ፋይናንስ ፈረመለት፣ ሰው ሀይል ጋ ሲደርስ «ስብሰባ ላይ ናቸው ነገ ና» ሆነ። ልጁ ቤቱ ደሴ ነው፣ ለአንድ ፊርማ ሀረጎን በሚኒባስ ሲወርድ ሲወጣ ከረመ። በመጨረሻ ሰውየው ሰው ፊት «አንተ በኢንተርኔት ተሰናብተህ የለ፣ ከኛ ምን ቀረህ» አለው፣ እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። ምክንያቱም ህጉ ግልፅ ነው፣ በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሰራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል፣ የስራ ልምድ ማስረጃም ሲጠይቅ መስጠት የአሰሪው ግዴታ ነው፣ ቀሪ ክፍያህም ውሉ ከተቋረጠ በ7 የስራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት (አንተ ንብረት ሳታስረክብ ካቆየህ ግን ጊዜው ይራዘማል)። ግን አዲሱ መስሪያ ቤት ሰኞ ወረቀቱን አምጣ ሲልህ ክስ መስርተህ አትደርስም። ስለዚህ መጀመሪያ ለአለቃህ በአካል ንገረው፣ ከዛ ደብዳቤ፣ ከዛ ልጆቹ ከአንተው አፍ ይስሙ፣ ሊንክድኢን የመጨረሻው ነው። ደግሞ ፕሮፋይልህ ላይ አዲሱን ስራ ስታስገባ Notify network የሚለውን አጥፋው፣ አለበለዚያ አንተ ሳትጽፍ እንኳን ደስ አለህ መጉረፍ ይጀምራል።

2. ጉራ የሚመስለው የመጀመሪያው መስመር ነው። ሊንክድኢን መጀመሪያ ላይ ያሉትን ጥቂት መስመሮች ብቻ አሳይቶ ሌላውን ይደብቀዋል፣ ከፍቶ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። «በታላቅ ደስታ የሲኒየር ሜንቴናንስ ኢንጂነር ሆኜ መቀጠሬን...» ብለህ ከጀመርክ ምስጋናው ተደብቆ ማዕረግህ ብቻ ነው የሚታየው። ገልብጠው። ደግሞ «ድንቅ ቡድን፣ የማይረሳ ጊዜ» የሚለውን ተወው፣ ማንም ለማንም የሚለው ነው፣ ያደረጉልህን አንድ ነገር ጥቀስ። እኔ እንዲህ ነበር የጻፍኩት፦

«የኮምቦልቻ ሜንቴናንስ የሌሊት ፈረቃ፣ ቦይለሩ ውሃ እያነሰው ሲጠፋብን ከፓምፑ በፊት ያለውን ማጣሪያ ፈታችሁ፣ ዝገቱን አጥባችሁ፣ ሳይነጋ ለመተኮሻ ክፍሉ እንፋሎት የመለሳችሁለት እናንተ ናችሁ። እኔ ባትሪ እያበራሁላችሁ ነው ቦይለር የተማርኩት። አመሰግናለሁ። ከሰኞ ጀምሮ አዲስ አበባ በሌላ ፋብሪካ እዛው ሜንቴናንስ ላይ ነኝ፣ ስልኬ አልተቀየረም።»

አለቀ። አዲሱ ስራ አንድ አረፍተ ነገር ነው፣ እሱም መጨረሻ ላይ። ያን ሌሊት ጠዋት ወደ ጅቡቲ የሚወጣ ኮንቴነር ነበረብን፣ እሱንም የገዢውንም ስም ግን አላነሳሁም፣ የፋብሪካው ጉዳይ ነው። የቦይለሩንም ነገር ቢሆን አለቃዬን አሳይቼ ችግር የለውም ካለኝ በኋላ ነው የለጠፍኩት፣ አንተም አሳይ፣ ብልሽት በአደባባይ እንዲነሳ የማይፈልግ ድርጅት ብዙ ነው።

ስም ከመጥራትህ በፊት ደግሞ ባለቤቱን ጠይቅ። ማጣሪያው ነው ብለው መጀመሪያ ያወቁት ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ቴክኒሺያን ናቸው፣ ስማቸውን ልጽፍ ስል «እኔን ለብቻ አትጥራ፣ ሌሊቱን የነበሩትን ሁሉ በላቸው» አሉኝ፣ ለዛ ነው «የሌሊት ፈረቃ» ያልኩት፣ እውነቴን ነው ከኔ ሀሳብ የሳቸው ይበልጥ ነበር። ሊንክድኢን የላቸውም፣ ስለዚህ ጽሁፉን ቀድሜ በቴሌግራም ላኩላቸው፣ አንተም ፋብሪካ ስለሆንክ ከምታመሰግናቸው ግማሾቹ እዛ አይኖሩም፣ በፊት ላክላቸው። ሀላፊዎችን ብቻ ታግ አድርገህ መካኒኮቹን ከዘለልክ ያኔ ነው ሰው የሚታዘብህ። እኔ ከለጠፍኩ በኋላ ከአዲሶቹ ልጆች አንዱ «እኔም ባትሪ ይዤ ነበር» ብሎ ስር ጻፈልኝ፣ ከየትኛውም እንኳን ደስ አለህ በላይ እሱን ወደድኩት።

«ብልሽት በዚህን ያህል ፐርሰንት ቀነስኩ» የሚለውን ከፈለግክ ፕሮፋይልህ ላይ ከስራ ልምድህ ስር አስገባው፣ ቀጣሪ የሚያየው እዛ ነው፣ መሰናበቻው ላይ አታድርገው። ረቂቅህን ስትጨርስ እዚሁ ስር ለጥፈው፣ አየዋለሁ።