በ4 ሚሊ ሜትሩ ለምን ደበዘዘብኝ?

«ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። ቴሌስኮፔ የፊት ሌንሱ ስፋት 60፣ የትኩረት ርቀቱ 700 ሚሊ ሜትር ነው። በ20ው የዓይን ሌንስ ጁፒተር ጥርት ብሎ ይታያል፣ በ4ቱ ግን ጭጋግ ይመስላል። ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን?»

ላይበላሽ ይችላል። 4ቱን አስቀምጠውና 10 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ ፈልግ።

ማጉያው የፊት ሌንሱ የትኩረት ርቀት ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት ሲካፈል ነው። በ20ው 700÷20 = 35 እጥፍ፣ በ4ቱ ደግሞ 175 እጥፍ ይሆናል። ችግሩ የሚሰበሰበው ብርሃን አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ከ35 ወደ 175 ስትሄድ የጁፒተር ምስል በወርድም በቁመትም 5 እጥፍ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ያው ብርሃን 25 እጥፍ ሰፊ ቦታ ላይ ይሳሳል። ከተወሰነ ማጉያ በላይ አዲስ ዝርዝርም አይመጣም፤ እሱን የሚወስነው የፊት ሌንሱ ስፋት ነው።

በልምድ የሚያዘው ጣሪያ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ስፋት 2 እጥፍ ነው፤ ላንተ 120። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውን ቁጥር እርሳው፣ ለገበያ ነው።

በ10ሩ 70 እጥፍ ታገኛለህ። ጁፒተር ለምድር ስትቀርብ በዚህ ማጉያ ጨረቃ በባዶ ዓይን ከምትታየው ትበልጣለች። መጀመሪያ ግን በ20ው መሃል አስገባት፣ ከዚያ ቀይር፤ አለዚያ ፍለጋው ያሰለችሃል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የእናንተን አገር ነፋስ አውቀዋለሁ። የቴሌስኮፑ እግር መንቀጥቀጥም በ70 እጥፍ ይጎላል። እግሮቹን አታስረዝማቸው፣ ቁጭ ብለህ እይ፣ ግድግዳ ከለላ አድርግ።