ተሰብሮ የመጣ ቴሌቪዥን፦ ሻጩ ሊገፋው የሚከብደው ማስረጃ

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሜሪካ ነው። በኢንተርኔት ያዘዝኩት ቴሌቪዥን ካርቶኑ ደህና መስሎ መጣ፤ ስከፍተው ግን ስክሪኑ ተሰንጥቋል። ሻጩ አንተ ነህ የሰበርከው እንዳይለኝ ምን ዓይነት ፎቶ ልላክለት?»

ከደንበኞች የሚመለሱ ዕቃዎችን አቤቱታ በሚመረምር ክፍል ውስጥ ለጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። አቤቱታዎች በብዛት ውድቅ ይደረጉ የነበሩት ስንጥቁ ስላልታየ ሳይሆን፣ ስንጥቁ ዕቃው ቤት ከመግባቱ በፊት መድረሱን የሚያሳይ ነገር ስላልነበረ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው የሚልከው የስክሪኑ የቅርብ ፎቶ ብቻውን ብዙም አይረዳዎትም።

ካርቶኑንና ፎሙን ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ አይጣሉ፤ አጓጓዡ ማሸጊያውን ልይ ሲል ከሌለ አቤቱታው በዚያው ሊዘጋ ይችላል። የካርቶኑን ስድስቱንም ገጽ፣ ደህና የሚመስለውን ጭምር፣ ከጎን ብርሃን እያበሩ ያንሱ፤ ፊት ለፊት ሲያዩት የማይታይ ጭምትርታ በጎን ብርሃን ጥላ ይጥላል። የመላኪያው ወረቀት ላይ ያለው ትራኪንግ ቁጥር የሚነበብበት አንድ ፎቶም ያስፈልጋል።

ዋናው ሥራ ካርቶኑን፣ ፎሙንና ስክሪኑን ማገናኘት ነው። አንድ ደንበኛ የላከችው ማስረጃ እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ በካርቶኑ የታችኛው ቀኝ ማዕዘን መዳፍ የማያህል ጭምትርታ ነበር፤ በሁለተኛው ፎቶ በዚያው ማዕዘን ያለው ፎም ተሰብሯል፤ በሦስተኛው ደግሞ የስክሪኑ ስንጥቅ ከዚያው ማዕዘን ተነሥቶ ይበተናል። ግራና ቀኙ እንዳይምታታ በካርቶኑ ላይ ያለው ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስትና ስክሪኑ የዞረበት አቅጣጫ በፎቶዎቹ ይታዩ ነበር። መጀመሪያ እምቢ ያለው ሻጭ ይህን ሲያይ ከፈለ። በእርስዎ ካርቶን ላይ በእርግጥ ምንም ምልክት ከሌለ የሌለውን አይጻፉ፤ ይልቁንም ፎሙ የጎደለበትን ወይም ዕቃው የሚንቀሳቀስበትን ክፍተት ያሳዩ፤ በቂ ያልሆነ አስተሻሸግ የላኪው ኃላፊነት ነውና።

ቴሌቪዥኑን አንድ ጊዜ አብርተው መስመሩንና ጥቁር ነጠብጣቡን ያንሱ፤ የውስጡ ፓነል ጉዳት ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ሳለ ብዙ ጊዜ አይታይም። በጀርባው የተለጠፈውን ሴሪያል ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አጣምረው ካላሳዩ፣ ሌላ ዕቃ ነው የሚል ክርክር ይነሣል። ፎቶዎቹን በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ማስተላለፍ ጥራታቸውንና የተነሡበትን ቀን የሚይዘውን መረጃ ያጠፋል፤ ዋናውን ፋይል ሳይቆርጡና ሳያከብቡበት ያስቀምጡ።

አቤቱታውን በስልክ ሳይሆን በትዕዛዙ መልእክት ገጽ ላይ በጽሑፍ፣ ቢቻል በተረከቡበት ቀን ያስገቡ። ሻጩ እምቢ ካለና የከፈሉት በክሬዲት ካርድ ከሆነ፣ በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ክፍያው የታየበት የመጀመሪያ የሂሳብ መግለጫ ከተላከበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ ለካርዱ ሰጪ በጽሑፍ መቃወም ይችላሉ፤ ደብዳቤው የሚላከው ክፍያ ወደሚላክበት ሳይሆን ለሂሳብ ጥያቄ ወደተመደበው አድራሻ ነው። በዴቢት ካርድ የከፈለ ሰው ግን ይህ ሕግ አይሸፍነውም፤ ባንኩ በራሱ ደንብ ምን እንደሚፈቅድለት መጠየቅ ይኖርበታል።