ወርቅ፣ ዶላር ወይስ የባንክ ደብተር? የአራት አንባቢዎች ጥያቄ

ሰሞኑን ከደረሱኝ መልእክቶች ውስጥ አራቱን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ። ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፣ የለፋሁበትን ገንዘብ የት ላስቀምጠው የሚል።

«200 ሺህ ብር ባንክ ነበረኝ። ዶላር ሲጨምር ወንድሜ ‹ግማሹን ተበላህ› ይለኛል። እውነት ግማሹን ከሰርኩ?»

ወንድምህ ግማሽ እውነት ይዟል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሊደረግ ሲል ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ያን ጊዜ ብርህ ወደ 3,500 ዶላር ይጠጋል። በዓመቱ ዶላር ከ130 ብር አለፈ። አንተ ደግሞ በ7 በመቶ ወለድ 214 ሺህ ብር ደረስክ፣ ከወለዱ የሚቆረጠውን ግብር ሳንቆጥር። በዶላር ሲመነዘር 1,650 እንኳ አይሞላም።

ግን አንተ ጤፍና ዘይት የምትገዛው በብር ነው። በዚያ ዓመት የዋጋ ንረቱ 14 በመቶ አካባቢ ነበር። ስለዚህ በ200 ሺህ ብር ትገዛው የነበረው ዕቃ 228 ሺህ ገባ፣ አንተ ጋ ያለው 214 ሺህ ነው። የጎደለብህ 14 ሺህ ብር ገደማ ነው ማለት ነው። ያማል፣ ግን ግማሽ አይደለም። ዶላር እጥፍ ሲሆን ዕቃው ሁሉ እጥፍ ያልሆነበት ምክንያት አለው። ብዙ ነጋዴ ቀድሞውንም ዶላር የሚያገኘው ከባንክ ውጭ ከ100 ብር በላይ ስለነበር፣ ያ ጭማሪ ሱቅ ውስጥ ገብቶ ቆይቷል።

በሙሉ የተመታው ወጪው በዶላር የሆነ ሰው ነው። ልጁን ውጭ አገር የሚያስተምር፣ ለሕክምና የሚሄድ፣ መኪና ለማስመጣት የሚያጠራቅም። አንተ ከእነዚህ አንዱ ካልሆንክ የምታነጻጽረው ወለድህን ከዋጋ ንረቱ ጋር ነው። ሌላው ነገር፣ 7 በመቶ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ እንጂ ጣሪያ አይደለም። ለስድስት ወር ወይም ለዓመት የማትነካው ገንዘብ ካለህ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ስንት እንደሚከፍሉ ጠይቅ፣ ሁለት ሦስት ባንክ ሄደህ ተከራከር።

«ዱባይ ስድስት ዓመት ሠርቼ ልመለስ ነው። ጓደኞቼ ወርቅ ግዢ፣ ወርቅ አይከስርም ይሉኛል። ልግዛ?»

እህቴ፣ ወርቅ ይከስራል። መጀመሪያ የምትከስሪው ደግሞ ከሱቁ እንደወጣሽ ነው። ይህን ሳታውቂ እንዳትገዢ።

ለማሳየት ያህል፣ የ21 ካራት ወርቅ ግራሙ 10 ሺህ ብር ነው እንበል። 10 ግራም አምባር ስትገዪ የእጅ ዋጋ ይጨመራል፣ በግራም 800 ብር ቢሆን 108 ሺህ ትከፍያለሽ። በማግስቱ ቸግሮሽ ልትሸጪው ብትሄጂ የእጅ ዋጋውን ማንም አይመልስልሽም። ገዢው ደግሞ ማትረፍ ስላለበት ከግራሙ ላይ 500 ብር ይቀንሳል። እጅሽ የሚገባው 95 ሺህ ነው። በአንድ ቀን 13 ሺህ ብር ሄደ። ያወጣሽውን ለማግኘት ብቻ ወርቁ 14 በመቶ ያህል መወደድ አለበት። የምትገዢበት ቤት ሌላ ቁጥር ሊነግርሽ ይችላል፣ ስሌቱ ግን ያው ነው። ከመክፈልሽ በፊት «ይህንኑ ነገ ብመልስላችሁ በስንት ትገዙኛላችሁ?» በያቸው። መልሱን ስታገኚ ስንት እንደምታጪ ወዲያው ታውቂያለሽ።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ፈርጥ ያለው ቀለበት ልሸጥ ወስጄ ነበር። ሰውየው በትንሽ ጉጠት ፈርጦቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ወረቀት ላይ አኖራቸውና ወርቁን ብቻ መዘነ። ስገዛው ከነፈርጡ ነበር የተመዘነልኝ፣ ለፈርጡም የወርቅ ዋጋ ከፍዬበታለሁ። ስለዚህ ለቁጠባ ከሆነ ፈርጥ ያለው አትግዢ፣ ረቂቅ ሥራ የበዛበትም አትግዢ። አንቺ ያለሽበት አገር የ24 ካራት ትንንሽ ጥፍጥፍ ወርቅ ከነማሸጊያው ይሸጣል፣ የእጅ ዋጋው ከጌጥ በጣም ያነሰ ነው። ማሸጊያውን አትክፈቺ፣ ደረሰኙንም አትጣይ። ስትገቢም ጉምሩክ ላይ አስመዝግቢ።

ጌጥም ከሆነ ማኅተሙን እዪ። 750 ማለት 18 ካራት ነው፣ 875 ደግሞ 21። ከ10 ግራም የ18 ካራት ወርቅ ውስጥ ንጹሑ 7 ግራም ተኩል ብቻ ነው፣ በ21 ካራት ዋጋ ከገዛሽው ተበልተሻል። ማኅተም ደግሞ በሐሰት ሊመታበት ስለሚችል ብቻውን አይታመንም፣ አሲድና መፈተኛ ድንጋይ ያለው ሌላ ቤት ወስደሽ አስፈትኚ።

ዋጋውስ? እዚህ አገር የወርቅ ዋጋ የሚቆመው በሁለት እግር ነው፣ በዓለም ገበያ ዋጋና በዶላር ምንዛሪ። ብር ስለሚወርድ ሁልጊዜ የሚወጣ ይመስላል። ግን በ2011 እ.ኤ.አ. አንድ ወቄት (31 ግራም ገደማ) 1,900 ዶላር ደርሶ በ2015 መጨረሻ ወደ 1,050 ወረደ። በዚያው ጊዜ ዶላር ከ17 ብር ወደ 21 ብር ወጥቷል። አባዢው፤ ከ32 ሺህ ብር ወደ 22 ሺህ ነው። ብሩ ወርዶም ወርቁ በብር ሲሶውን ያህል አጣ። አራት ዓመት ጠብቆ ሲሶ ያጣ ሰው ነበር ማለት ነው።

የእኔ ሐሳብ፣ አምስትና ከዚያ በላይ ዓመት የማትነኪውን ከፊሉን በጥፍጥፍ ወርቅ ያዢ። የቀረውን በሕጋዊ መንገድ በባንክ ላኪው። ሁሉንም አምባር አድርገሽ እጅሽ ላይ አትምጪ።

«ልጄ ከአሜሪካ ሲመጣ የሰጠኝ 2,000 ዶላር ቤት ውስጥ አለ። ጎረቤቴ ባንክ አታስገቢው ትለኛለች። ምን ላድርግ?»

እማማ፣ ቤት አያቆዩት። ቢሰረቅ ማንን ይከሳሉ? ቢመነዝሩትስ፣ ከባንክና ፈቃድ ካለው ምንዛሪ ቤት ውጭ መመንዘር ሕገ ወጥ ነው፣ ሐሰተኛ ኖት የሚገባውም እዚያ ነው። ዶላር ወረቀቱ ራሱ ያረጃል። የተቀደደ፣ ቀለም የነካው፣ የተጻፈበት ኖት ሲሆን ተቀባዮቹ ፊት ያዞሩበታል።

ከ2016ቱ ለውጥ ወዲህ አገር ውስጥ የሚኖር ሰውም ከውጭ በሚላክለት ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ይፈቀድለታል። ባንኩ የገንዘቡን ምንጭ ይጠይቃል፣ ልጅዎ ሲገባ ጉምሩክ ያስመዘገበበት ወረቀት ካለ ይዘው ይሂዱ። ወደፊት ግን በእጅ ከሚያመጣልዎ በቀጥታ ወደ ሒሳብዎ ቢልክ ማስረጃው አብሮት ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎ፣ ዶላርም ይሟሽሻል። አሜሪካ ውስጥ በ2020 በ1,000 ዶላር የሚገዛው ዕቃ በ2024 ከ1,200 ዶላር በላይ ይጠይቅ ነበር። ቤት የተቀመጠ ዶላር ወለድ የለውም።

«መስከረም ላይ ለልጆቼ ትምህርት ቤት የምከፍለው 150 ሺህ ብር አለኝ። እስከዚያ ወርቅ ላድርገው? ባንኩ ቢወድቅስ?»

አታድርጊው። ከላይ ያልኩትን የእጅ ዋጋና ቅናሽ አስቢው፣ በጥቂት ወር አይመለስም። ባንክ ይቀመጥ። የተቀማጭ ገንዘብ መድን የሚሸፍነው ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 100 ሺህ ብር ነው። በአንዱ ባንክ ሁለት ቅርንጫፍ ብትከፋፍይው ተደምሮ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ 100 ሺውን እዚያው ተዪውና 50 ሺውን ሌላ ባንክ አስገቢ።