በጅማ ለጀማሪ ሂሳብ ሠራተኛ የሚወጡ ማስታወቂያዎችን መቁጠር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በጅማ የጀማሪ ሂሳብ ሠራተኛ ሥራ እፈልጋለሁ። 50 ማስታወቂያ ሰብስቤ ስቆጥር በ35ቱ ፒችትሪ፣ በ24ቱ አይኤፍአርኤስ ተጠይቋል። ሁለቱንም ልማር?

መልስ፦ መጀመሪያ ድግግሞሹን ያውጡ። አንድ ማስታወቂያ በብዙ የቴሌግራም ቻናሎች ስለሚለጠፍ፣ ቀጣሪው፣ የሥራ መደቡና የመዝጊያ ቀኑ አንድ ከሆነ አንዱን ብቻ ያስቀሩ። «ሴጅ 50» የሚሉትንም ከፒችትሪ ጋር ይደምሯቸው፤ ሶፍትዌሩ ያው ነው። ከዚያም በኤክሴል ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ አንድ ረድፍ ሰጥተው የተጠየቀውን የሥራ ልምድ በ`C`፣ ፒችትሪን በ`D`፣ አይኤፍአርኤስን በ`E` ዓምድ ይመዝግቡ፤ ከተጠየቀ 1፣ ካልተጠየቀ 0። 40 ማስታወቂያ ቀረ እንበል፦

```
=COUNTIFS(C2:C41,"<=1",E2:E41,1)
```

ይህ ቀመር እስከ አንድ ዓመት ልምድ ከሚጠይቁት መካከል አይኤፍአርኤስን የሚፈልጉትን ብቻ ይቆጥራል፤ ለፒችትሪ `E2:E41`ን በ`D2:D41` ይተኩ። ልምድ የማይጠይቀውን ባዶ ከተዉት ከቆጠራው ስለሚወጣ 0 ብለው ይጻፉ። ለእርስዎ የሚሆኑት 16 ሆነው ከእነርሱ 12ቱ ፒችትሪን፣ 3ቱ ብቻ አይኤፍአርኤስን የሚጠይቁ ከሆነ፣ ያ ትልቅ የአይኤፍአርኤስ ቁጥር በአብዛኛው የመጣው የበለጠ ልምድ ከሚጠይቁ መደቦች ነው ማለት ነው። ስለዚህ ገንዘብዎንም ጊዜዎንም በፒችትሪ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ዓምድ ለምን? ጽሑፉን አንድ ላይ ለጥፎ ቃሉን መፈለግ ይፈጥናል።

መልስ፦ የትኞቹ ቃላት እንደሚመላለሱ ለማየት በእርግጥ ይፈጥናል። ቁጥሩን ግን አይመኑት፤ አንድ ቀጣሪ ፒችትሪን በሥራ ዝርዝሩም በተፈላጊ ችሎታውም ከጻፈ ሁለት ይሆናል፣ «ቢያውቅ ይመረጣል» የሚለውም ከግዴታው ጋር ይደባለቃል።

ጥያቄ፦ እኔ ደረጃ 4 ጨርሼ ሲኦሲ አልፌአለሁ፤ ማስታወቂያው ሁሉ ዲግሪ ይላል። ይቅርብኝ?

መልስ፦ የትምህርት ደረጃውን መስመር እስከ መጨረሻው ያንብቡት። «ዲግሪና 0 ዓመት ወይም ደረጃ 4ና 2 ዓመት» የሚል ካገኙ በሁለት ረድፍ ይመዝግቡትና የራስዎን ረድፍ ብቻ ይቁጠሩ። ዲግሪ ብቻ የሚለውን ግን ይተዉት።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ የሚወጡትንስ ልቁጠር? አፋን ኦሮሞ የሚጠይቅ እምብዛም አላገኘሁም።

መልስ፦ የሚታየው ማስታወቂያው የወጣበት ሳይሆን የሥራው ቦታ ነው፤ ጅማ ያለውን ለብቻው ይለዩ። ዋናው መሥሪያ ቤት ለሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሲያወጣ ቋንቋውን ሳይጠቅስ ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ በሠንጠረዡ ዝቅተኛ ቁጥር አይዘናጉ፣ ጅማ ያለውን ቅርንጫፍ በአካል ሄደው ይጠይቁ። የስድስት ወር ማስታወቂያም ይበቃዎታል።

ሌላ ተሳታፊ፦ በዚህ አልስማማም። ቡና ላኪዎችና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሰው የሚፈልጉት በለቀማ ሰሞን ነው፤ ከጥር እስከ ሰኔ ብቻ የሰበሰበ ሰው እነርሱን አያገኛቸውም።

መልስ፦ ለቡና ዘርፍ እውነትዎን ነው፣ ዓመቱን ሙሉ መሰብሰብ ይሻላል። ለሌሎቹ ቀጣሪዎች ግን የቆየው ማስታወቂያ ዛሬ የማይጠየቀውን ሶፍትዌር እንዳያስቆጥር አሁንም እሰጋለሁ።