ብርድ ልብሱን ተወውና ትራሱን ተመልከት

«ኮምቦልቻ አንድ ጅምላ አከፋፋይ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን የዋጋ ሠንጠረዥ በስልኬ አንስቼ አያይዣለሁ። ብርድ ልብሱ 2,000 ብር፣ ቅናሽ 20 በመቶ፣ እጅ በእጅ ለሚከፍል ደግሞ ሌላ 10 በመቶ ይላል። ሁለቱ 30 በመቶ ስለሚሆኑ 1,400 ብር መክፈል ነበረብኝ፤ የመጨረሻው ዓምድ ግን 1,440 ይላል። 40 ብሬ የት ገባች? ሱቄ ስገባስ 30 በመቶ ብጨምርበት 2,000 ላይ ይመለሳል?»

አብሽር ወንድሜ፤ በብርድ ልብሱ ማንም አልበላህም። ፎቶውን አስፍቼ ሳየው ግን ዓይኔ ትራሱ ላይ ቀርቷል። እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ከ2,000 ላይ 20 በመቶ ሲነሳ 400 ብር ይወርድና 1,600 ይቀራል። ሁለተኛው ቅናሽ ሲመጣ የሚያገኘው ይህንን 1,600 ብር ብቻ ነው። የ1,600 አሥር በመቶ ደግሞ 160 እንጂ 200 አይደለም። የጠፋችብህ 40 ብር የ400ው አሥር በመቶ ናት፤ አስቀድሞ ከተነሳልህ ገንዘብ ላይ ሁለተኛ ጊዜ የሚነሳ ነገር የለም። ስለዚህ ያገኘኸው ቅናሽ በአጠቃላይ 560 ብር፣ ማለትም 28 በመቶ ነው። አሥሩን አስቀድመህ ሃያውን ብታስከትልም ያው ነው፤ 1,800 ይሆንና 360 ይነሳለታል፤ 1,440 ላይ ታርፋለህ። ሰውየው በአፉ «ሁለቱም ከ2,000 ላይ ይታሰባሉ» ብሎህ ከሆነ ግን ነገሩ የሒሳብ ሳይሆን የቃል ነው፤ ያኔ 1,400 ብለህ ተከራከር።

ሁለተኛው ጥያቄህ እኔን ራሴን ያስከፈለኝ ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ስላለች ብርዱ ሲጠና ብርድ ልብስ ይፈለጋል፤ እኔም አንድ ዓመት 50 ብርድ ልብስ እያንዳንዱን በ1,000 ብር አስገባሁ። 20 በመቶ ጨምሬ 1,200 ብዬ ሰቀልኩት። ብርዱ አለፈ፤ አንድም አልተነካም። ለአረፋ ሰሞን ገበያተኛው ሲበዛ «20 በመቶ ቅናሽ» ብዬ ካርቶን ላይ ጽፌ በሩ ላይ አንጠለጠልኩ፤ ሃያ ጨምሬ ሃያ ስቀንስ ያለ ትርፍም ያለ ኪሳራም እወጣለሁ ብዬ ነበር። ሃምሳውም በሁለት ቀን አለቀ። ማታ ገንዘቡን ስቆጥር 48,000 ብር ነው፤ የገዛሁበት 50,000። ሌባ ገብቷል ብዬ ረዳቴን በክፉ ዓይን ማየቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሌባው የራሴ ካርቶን ነበር፤ ሃያውን የጨመርኩት በ1,000 ላይ፣ የቀነስኩት ግን ከ1,200 ላይ ነው። 240 ብር ሲወርድ 960 ቀረ፤ በእያንዳንዱ 40 ብር ከሰርኩ።

ያንተም መንገድ ይኸው ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ተገልብጧል። 1,440 ላይ 30 በመቶ ብትጨምር 1,872 ይሆናል። ወደ 2,000 ለመመለስ 560 ብር ያስፈልግሃል፤ 560ን ለ1,440 ስታካፍለው 39 በመቶ ገደማ ይመጣል። መነሻው ገንዘብ ስላነሰ ያው 560 ብር በመቶኛ ሲታይ ይበልጣል።

አሁን ወደ ትራሱ። ሃያ ሲቀነስ የሚቀረው 0.8፣ አሥር ሲቀነስ የሚቀረው 0.9 ነው፤ ሁለቱን ስታባዛ 0.72 ታገኛለህ። የመጨረሻውን ዋጋ ለመነሻው ስታካፍል 20 እና 10 የተጻፈበት ረድፍ ሁሉ 0.72 መስጠት አለበት። ብርድ ልብሱ 1,440 ለ2,000 ነው፤ ልክ ነው። የትራሱ መነሻ 450፣ የመጨረሻው 342 ይላል፤ ሲካፈል 0.76 ይሆናል። ትክክለኛው 324 ነበር። የጻፈው ሰው 2ን እና 4ን አቀያይሯቸው ይመስለኛል፤ ተንኮል አላየሁበትም። ቢሆንም በአንድ ትራስ 18 ብር ነው፤ 40 ትራስ ብትወስድ 720 ብር ያለ ነገር ትከፍላለህ።

አንሶላውን በዚሁ 0.72 እንዳትለካው። እሱ 15 እና 15 ነው፤ 0.85 በ0.85 ሲባዛ 0.7225 ይሆናል። ስለዚህ 1,200ው 867 መሆኑ ትክክል ነው። በስልክ ስታሰላም የመቶኛዋን ምልክት ተዋት፤ ሁሉም ስልክ በአንድ ዓይነት አይተረጉማትም። 2,000 × 0.8 × 0.9 ብለህ ጻፍ።

የታችኛው ረድፍ፣ የምንጣፉ፣ የፎቶው ብልጭታ ስላረፈበት የመጨረሻው ዋጋ አይነበብም። መነሻው 3,500፣ ቅናሹ 20 እና 10 ስለሆነ 2,520 መሆን አለበት። ነገ ስትሄድ እሱንም አይተህ ንገረን።