እጁ ነው ወይስ ክዳኑ?

«የአካል ጉዳት ሕክምናዊ እይታ፣ ማኅበራዊ እይታ የሚባለው ለፖሊሲ በተግባር ምን ይለውጣል? የቃላት ጨዋታ አይደለም ወይ?»

አይደለም። ሕክምናዊው እይታ ችግሩን ሰውየው አካል ላይ ይፈልጋል፤ ማኅበራዊው ደግሞ ሰውየውን በሚያግደው አካባቢና አሠራር ላይ። ልዩነቱ መጠይቅ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በብሪታኒያ በተደረገ የመንግሥት ዳሰሳ ላይ፣ ዕቃ ለመያዝና ለማዞር የሚያስቸግርዎ ምን ሕመም ነው የሚል ጥያቄ ነበር። ራሱ ዊልቸር ተጠቃሚ የነበረው ምሁር ማይክ ኦሊቨር ጥያቄውን ገለበጠው፦ ጠርሙስና ቆርቆሮ ለመክፈት የሚያስቸግርዎ አሠራራቸው ላይ ያለው ምን ጉድለት ነው?

ሰውየው ያው ነው፤ እጁም ያው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሕመም ስም ይሰበስባል። ፖሊሲ አውጪው ፊት የሚቀርበው የሕመም ዝርዝር ብቻ ስለሚሆን፣ ሕክምናና ድጎማ ያቅዳል። ሁለተኛው ግን የሚያስቸግሩ ክዳኖችን ይሰበስባል። ያኔ ግዴታው ወደ አምራቹና የምርት ደረጃ ወደሚያወጣው አካል ይዞራል። ክዳኑ አንዴ ከተስተካከለ፣ የሐኪም ወረቀት የሌላቸው ደካማ እጅ ያላቸው አዛውንትም ይጠቀማሉ። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው፤ ሰው መብቱን ለማግኘት መጀመሪያ መታመሙን ማስመስከር አይጠበቅበትም።

ግን ክዳን ማስተካከል የመገጣጠሚያ ሕመምን አያስታግስም። ሕመምና ድካም ያለባቸው ሰዎች ማኅበራዊውን እይታ «ሰውነታችንን ረሳ» ብለው ተችተውታል፤ ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም ሁለቱን ያያይዛል። ጉዳቱ ከመሰናክል ጋር ሲገናኝ ተሳትፎን ሊያግድ ይችላል ይላል። ስለዚህ የገንዘብ ድጎማ ሲመደብ «ምን ያህል ፐርሰንት ጉዳት አለበት?» ብቻ ሳይሆን «ምን ከለከለው፣ ለማለፍስ ምን ያስወጣዋል?» ተብሎም መጠየቅ አለበት።